«ጥሩ» እና «መጥፎ» ከማለት ሌላ፦ ስለ ዕቃ አስተያየት ስንጽፍ ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ዕቃ ገዝተው አስተያየት የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ። ወደውታል ወይም አልወደዱትም፤ ግን «ጥሩ ነው»፣ «አሪፍ ነው»፣ «አይረባም» ከሚሉት ውጪ ቃል አይመጣላቸውም። ከዚህ በታች ያሉት በዚሁ ዙሪያ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ እኩል ርዝመት የላቸውም፤ ሰፊ ማብራሪያ የሚፈልገውን ሰፋ አድርጌዋለሁ።

«ጥሩ ነው» ማለት ምን ነውር አለው?

ነውር የለውም። ችግሩ ያንተን ስሜት ብቻ ይናገርና ስለ ዕቃው ዝም ማለቱ ነው። «ጫማው ጥሩ ነው» ብትለኝ ደስ እንዳለህ ገባኝ። ግን እግር ይመቻል? ውሃ አያስገባም? ሶሉ ቶሎ አያልቅም? መልኩ ብቻ ነው ያማረህ? ከእነዚህ አንዱንም አላወቅሁም። እኔ ደግሞ አስተያየትህን የማነበው ልግዛ አልግዛ ብዬ ለመወሰን ነው።

«ቆንጆ» ደግሞ የባሰ ነው። በንግግራችን መልክንም፣ ጥራትንም፣ ምቾትንም በአንድ ላይ ጠቅልለን «ቆንጆ ነው» እንላለን። ፊት ለፊት ስናወራ እጃችንና ዓይናችን ያግዛሉ። ጽሑፍ ላይ ግን አንባቢው «ሲያዩት ያምራል» ብሎ ነው የሚረዳው። አንተ ስለ ጥንካሬው ልትናገር ፈልገህ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ በምን ልተካው? ተመሳሳይ ቃል ፈልጌ «ግሩም»፣ «ድንቅ»፣ «ምርጥ» ብልስ?

ይህ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሙከራ ነው፤ ግን መንገዱ አይደለም። «ግሩም»ና «ድንቅ» ከ«ጥሩ» ድምፃቸው ከፍ ይላል እንጂ የሚናገሩት ነገር አልጨመረም። አንባቢው አሁንም ምኑ እንደሆነ አያውቅም።

የሚሠራው ዘዴ መጀመሪያ የዕቃውን ክፍል መጥራት ነው። ስለ ጨርቁ ነው? ስለ ስፌቱ? ስለ ድምፁ? ስለ ባትሪው? ክፍሉን ከጠራህ በኋላ ቃሉ ራሱ ይመጣል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ነገር የራሱ መመስገኛና መወቀሻ አለው። አማርኛ በዚህ ድሃ አይደለም።

ልብስን እንውሰድ። የምትወደው ጨርቅ ለስላሳ ነው፣ ወፈር ያለ ነው፣ ላብ ይመጥጣል፣ ገላ አያሳክክም፣ ሲታጠብ ቀለሙን አይለቅም። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ክር አያወጣም። ልኩ ልክክ ያለ ነው። የምትጠላው ደግሞ ሸካራ ነው፣ ይቆጠቁጣል፣ ትንሽ ስትቀመጥበት ይጨማደዳል፣ አንድ ጊዜ ታጥቦ ያጥራል፣ አንገቱ ይለጠጣል፣ ስፌቱ ይተረተራል፣ ቀለሙ ይወይባል። እዚህ ውስጥ «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» የሚል አንድም ቃል የለም። ሆኖም የቱ ምስጋና የቱ ወቀሳ እንደሆነ ማንም አይስትም።

ድምፅ ለሚያወጣ ነገር፣ ለምሳሌ ለጆሮ ማዳመጫ ወይም ለስፒከር፣ መዝገቡ ሌላ ነው። ጥርት ያለ ድምፅ አለ፤ የታፈነ ድምፅ አለ። ከፍ ሲደረግ የሚሻክር አለ፤ የሚቆራረጥ አለ። «ድምፁ መጥፎ ነው» ካልክ እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ደፈጠጥካቸው። ልዩነቱ ለገዢው ትልቅ ነው። የሚቆራረጥ ድምፅ የብሉቱዝ ግንኙነት ችግር ሊሆን ይችላል፤ ስልኩን አቅርቦ ሲይዝ ይስተካከል ይሆናል። የታፈነ ድምፅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዕቃው ጠባይ ነውና አብሮት ይኖራል።

ስልክና ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ስክሪኑ ደማቅ ነው ወይስ ፀሐይ ላይ አይነበብም? ንክኪ ቶሎ ይቀበላል ወይስ ደጋግመህ መጫን አለብህ? ይሞቃል ወይስ እስከማያስይዝ ይግላል? ሥራው ቀልጣፋ ነው ወይስ ይንቀራፈፋል? ወንበርና ጠረጴዛ ከሆነ ይነቃነቃል፣ ይንገዳገዳል፣ ሲጥሲጥ ይላል፣ ብሎኑ ይላላል፣ ቀለሙ ይላጣል። ቢላ ይዶለዱማል፤ መጥበሻ ያሳርራል።

ብዙዎቹ ግሦች መሆናቸውን ልብ በል። ጥሩ አስተያየት ጸሐፊዎች ከቅጽል ይልቅ በግሥ ይበረታሉ። ግሥ ዕቃው ምን እንደሚያደርግ ይናገራልና አንባቢው በዓይነ ሕሊናው ያየዋል።

መጠኑን ለመግለጽ ሁሌም «በጣም» እላለሁ። ሌላ መንገድ አለ?

አለ፤ እሱም ሁላችንም አፍ ላይ ያለ ነገር ነው። ስንጽፍ ግን እንረሳዋለን።

«ጠበቅ ያለ» እና «ጥብቅ ያለ» የሚሉትን አስተያይ። «ቀበቶው ጠበቅ ያለ ነው» ስትል ትንሽ ይጠብቃል ማለትህ ነው፤ ምናልባት ሲለበስ ይላላ ይሆናል። «ጥብቅ ያለ ነው» ስትል ግን ፍንክች አይልም። «ወፈር ያለ» ጨርቅ ከተለመደው ትንሽ ይወፍራል፤ «ውፍር ያለ» ከሆነ ወፍራምነቱ የማያጠራጥር ነው። «ፈዘዝ ያለ» ቀለም ትንሽ ደመቅ ቢል ኖሮ ያሰኛል፤ «ፍዝዝ ያለ» ቀለም ሕይወት የለውም። ከበድ ያለ፣ ክብድ ያለ። ደረቅ ያለ፣ ድርቅ ያለ። ጠበብ ያለ፣ ጥብብ ያለ። ለስለስ ያለ፣ ልስልስ ያለ።

አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ፊደል ግዕዝ ሲሆን ነገሩን ያለዝበዋል፤ ሳድስ ሲሆን ያጠነክረዋል። ለሁሉም ቃል አይሠራም። አንዳንዱ በአንደኛው ቅርጽ ብቻ ነው የተለመደው። «ላላ ያለ» እንላለን፤ ጠንካራውን ቅርጽ ግን ብዙም አንሰማም። «ጥርት ያለ ድምፅ» የተለመደ ነው፤ «ጠራ ያለ ድምፅ» ግን ለጆሮ ትንሽ ይከብዳል። ስለዚህ ቃሉን ጮክ ብለህ በለው። አፍህ ከለመደው ጻፈው፤ ካልለመደው ተወው።

ጥቅሙ ምንድን ነው? አስተያየት ላይ ትልቁ ጥፋት ትንሿን ጉድለት እንደ ትልቅ ማቅረብ ነው። «ጫማው በጣም ጠባብ ነው» ብለህ ከጻፍክ እግሩ ሰፊ ያልሆነ ሰውም ትቶት ይሄዳል። «ጣቶች ጋር ጠበብ ይላል» ካልክ ግን የጉድለቱ ቦታም መጠኑም ታወቀ። እግሩ ሰፊ የሆነ ሰው ይጠነቀቃል፤ ሌላው ይገዛል። «በጣም»ን ደግሞ በእውነት ለሚያስፈልገው ቦታ አስቀምጠው። አንድ አስተያየት ውስጥ አራት ጊዜ ከመጣ አራተኛውን ማንም አያነበውም።

አንዱ ቃል ለአንዱ ዕቃ ምስጋና፣ ለሌላው ወቀሳ ሲሆንስ?

ይሄ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። «ስስ» የሚለውን ቃል ተመልከት። ላፕቶፑ ስስ ከሆነ ተሞገሰ፤ መጋረጃው ስስ ከሆነ ተወቀሰ። «ቀላል» ደግሞ ሦስት መንገድ ይሄዳል። ክብደቱ ሊሆን ይችላል፣ አጠቃቀሙ ሊሆን ይችላል፣ «ተራ ነገር ነው» ማለትም ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ «ቀላል ዕቃ አይደለም!» ካልክ እያደነቅህ ነው። «ሻንጣው ቀላል ነው» የሚል አስተያየት ያነበበ ሰው የትኛውን ይውሰድ?

መፍትሔው አጭር ነው፤ የሚለካውን ነገር ከፊቱ አስቀምጥ። «ክብደቱ ቀላል ነው»። «ለመገጣጠም ቀላል ነው»። «ጨርቁ ስስ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል»።

«ርካሽ»ም እንዲሁ ነው። ዋጋው መቀነሱን ለማመስገን ስትጽፈው አንባቢው ጥራቱን የሰደብክ ሊመስለው ይችላል። ዋጋውን ማመስገን ከፈለግህ «ዋጋው ተመጣጣኝ ነው» ወይም «ከተከፈለበት በላይ ይሠራል» በል። ጥራቱን መውቀስ ከፈለግህ ደግሞ «ርካሽ ነገር» ብለህ አትለፈው፤ ርካሽ ያስመሰለውን ጥራ። ፕላስቲኩ ነው? አጨራረሱ ነው? ጠርዙ እጅ ይቧጭራል?

ቅሬታ ስጽፍ ስድብ ይመስላል። እንዴት ላለዝበው?

ማለዘብ የለብህም። ማጥራት ነው ያለብህ። ስድብ የሚመስለው ዕቃውን ሳይሆን ሰውን ስትከስ፣ ወይም የሆነውን ሳይሆን የደመደምከውን ስትጽፍ ነው። «እነዚህ ሌቦች የማይረባ ቻርጀር ይሸጣሉ» የሚለውን ስንት ሰው ያምነዋል? ጸሐፊው መናደዱ ብቻ ነው የሚታየው። «በሁለተኛው ሳምንት ሽቦው ከመሰኪያው አጠገብ ተላጠብኝ» የሚለውን ግን ሰው ቆም ብሎ ያነበዋል።

እዚህ ላይ «ተላጠብኝ» የምትለዋን ቃል እይ። መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ብኝ» አንድ ሙሉ የቅሬታ ዓረፍተ ነገር ትሸከማለች። ተሰበረብኝ፣ ለቀቀብኝ፣ ተበጠሰብኝ፣ ዘጋብኝ። «በጣም አዘንኩ፣ ተናደድኩ» ማለት አላስፈለገህም፤ ጉዳቱ በአንተ ላይ እንደደረሰ ቃሉ ራሱ ተናገረ። ምስጋናም የራሱ አለው፤ «ልኝ»። «ሦስት ፎቅ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ማሰሪያው ያዘልኝ» ስትል ማሰሪያው ጠቀመህ ማለት ነው። በእኔ ግምት እነዚህ ሁለት ቅጥያዎች ከአሥር ቅጽል ይበልጣሉ። ብቻ አታብዛቸው። ሁሉም ዓረፍተ ነገር በ«ብኝ» ካለቀ ለቅሶ ይሆናል።

ሌላው መጠንቀቅ ያለብህ የግሡ ጊዜ ነው። «ቀለሙ ይለቃል» ማለት ማንም ቢገዛው ይለቃል ማለት ነው። «ቀለሙ ለቀቀ» ማለት የእኔው ለቀቀ ማለት ነው። አንድ ሸሚዝ ገዝተህ አንድ ጊዜ ካጠብክ ሁለተኛውን ጻፍ፤ እንዴት እንዳጠብከውም ጨምር። በሙቅ ውሃ አጥበኸው ከሆነና ምልክቱ ላይ ያለው መመሪያ በቀዝቃዛ የሚል ከሆነ ጥፋቱ የሸሚዙ ላይሆን ይችላል። «ይለቃል» ለማለት ደጋግመህ ማየት ወይም ተመሳሳይ የገዙ ሰዎች ላይ ማየት ይኖርብሃል። ልዩነቱ የጥቂት ፊደል ነው፤ የሚያስከትለው ግን ትልቅ ነው።

እስኪ አንድ አስተያየት ወስደን እናስተካክል።

እሺ። አንድ የጀርባ ቦርሳ የገዛ ሰው እንዲህ ጻፈ እንበል፦

> ቦርሳው በጣም ቆንጆ ነው። ጥራቱም አሪፍ ነው። ግን ዚፑ መጥፎ ነው። በአጠቃላይ ጥሩ ነው፤ ግዙት።

አራት ፍርድ አለ፤ አንድም መረጃ የለም። ጸሐፊውን አጠገባችን አስቀምጠን ብንጠይቀውስ?

«ቆንጆ ስትል ምኑ?» ቀለሙ ነው ይላል። ፎቶው ላይ ጥቁር ሰማያዊ ነበር፤ ሲመጣም ያው ነው። ይሄ ትልቅ ወሬ ነው፤ ብዙ ሰው ቀለሙ ፎቶው ላይ እንዳለው ይሆን አይሆን ብሎ ይጨነቃል።

«ጥራቱ አሪፍ ያሰኘህ ምንድን ነው?» ጨርቁ ወፍራም ነው፤ ዝናብ መትቶት ውስጡ ያለው ደብተር አልራሰም። ሌላስ? ማንጠልጠያው ሰፊ ነው፤ ላፕቶፕ ይዞ ሲሄድ ትከሻውን አልቆረጠውም።

«ዚፑስ ምን ሆነ?» ተበላሸ? የለም፤ ይሠራል። ግን ጥግ ላይ ሲደርስ የውስጡን ጨርቅ ይነክሳል። በአንድ እጅ መዝጋት አይቻልም። የትንሹ ኪስ ዚፕ ግን ደህና ነው።

«ግዙት ያልከው ለማን ነው?» እዚህ ጋ ትንሽ ያስባል። ለተማሪና ላፕቶፕ ይዞ ለሚንቀሳቀስ ሰው። ቶሎ ቶሎ ለሚከፍትና ለሚዘጋ፣ ለምሳሌ ካሜራ ለሚይዝ ሰው ግን አይሆንም።

አሁን ራሱ የነገረንን ብቻ እንጽፈው፦

> ቀለሙ ፎቶው ላይ ያየሁት ጥቁር ሰማያዊ ነው። ጨርቁ ወፈር ያለ ነው፤ ዝናብ መትቶት ውስጡ የነበረው ደብተር አልራሰም። ማንጠልጠያው ሰፋ ስለሚል ላፕቶፕ ይዤ ስሄድም ትከሻዬን አልቆረጠኝም። የትልቁ ኪስ ዚፕ ግን ጥግ ላይ ሲደርስ የውስጡን ጨርቅ ይነክሳል፤ በሁለት እጅ ካልሆነ አይዘጋልኝም። ለተማሪ ይበቃል። ካሜራ ይዞ ቶሎ ቶሎ ለሚከፍት ሰው አልመክረውም።

ርዝመቱ የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ያህል ሆኗል። «ጥሩ» እና «መጥፎ» አንድም ቦታ የሉም፤ ግን ቦርሳው እንደተመሰገነና ዚፑ እንደተወቀሰ ግልጽ ነው። የዚፑ ችግር መጠኑም ታወቀ። የመጀመሪያውን ያነበበ ሰው ዚፑ የተበጠሰ መስሎት ነበር።

አንድ ነገር ልብ በል። «ዝናብ አያስገባም» አላልንም። «ዝናብ መትቶት አልራሰም» ነው ያልነው። ምን ያህል ዝናብ እንደሆነ ካወቅህ ደግሞ ጨምርበት፤ ካፊያና ዶፍ አንድ አይደሉም።

ዕቃው ጥሩም መጥፎም ካልሆነ ምን ልበል?

ለዚህ አማርኛ የራሱ ደረጃ አለው። «ለክፉ አይሰጥም» ስትል ያገለግላል ግን አትጠብቅበት ማለትህ ነው። «ምንም አይልም» ከዚያ ትንሽ ይሻላል። «ደህና ነው» ያለ ቅሬታ መጠቀምህን ይናገራል። «አያስከፋም» ደግሞ ጠብቀህ ከነበረው የተሻለ ሆኖ ሲገኝ ያምራል። ቢሆንም አንዱን ብቻ ጽፈህ አትሂድ፤ «ለክፉ አይሰጥም፤ ለቤት ውስጥ ይበቃል፣ ለጉዞ ግን አይመችም» ብለህ ልክ አብጅለት።

የሰፈር ቃል ብጠቀምስ? «አሪፍ»፣ «ቀሽም»፣ «ስታክ ያደርጋል»?

ለምን አትጠቀምም? «አፑ ስታክ ያደርጋል» ከ«አፑ የአሠራር መስተጓጎል ያጋጥመዋል» የተሻለ ይገባል። ይሄ የሆነ ነገርን የሚገልጽ ቃል ስለሆነ ነው። «አሪፍ» እና «ቀሽም» ግን እንደ «ጥሩ» እና «መጥፎ» ናቸው፤ ልብሳቸውን ቀየሩ እንጂ። ከፈለግህ መክፈቻ አድርጋቸው፣ ከዚያ ምክንያቱን አስከትል። «ቀሽም ነው፤ ሁለት ቪዲዮ አይተህ ቻርጁ ያልቃል።»

«ምርጥ»፣ «ወደር የለሽ»፣ «እንከን የለሽ» ስል ማንም አያምነኝም። ለምን?

ማስታወቂያ ስለሚመስል። ሻጩ ራሱ የሚጠቀምባቸው ቃላት ናቸው። «ምርጥ» ማለት ከፈለግህ ከምን እንደመረጥከው ተናገር፤ «ከዚህ በፊት ከነበሩኝ ሁለት ማዳመጫዎች ይልቅ ይሄኛው ጆሮ አያምም» በል። «እንከን የለሽ» ከማለትም አንድ ትንሽ እንከን ብትጠቅስ የቀረው ምስጋናህ ይበልጥ ይታመናል። ግን የሌለ እንከን አትፍጠር።

የገዛሁት ዕቃ ፎርጅድ ይመስለኛል። እንደዚያ ብዬ ልጻፍ?

«ፎርጅድ ነው» ብሎ መጻፍ ክስ ነው፤ ካላረጋገጥህ ተጠንቀቅ። ያስጠረጠረህን ጻፍ። ማሸጊያው ላይ ያለው ፊደል ተዛብቷል? የተጻፈው መለያ ቁጥር ዕቃው ላይ ካለው ጋር አይገጥምም? ስፌቱ ወጣ ገባ ነው? አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን አስገብተህ አልተገኘም? ይህን ያነበበ ሰው መደምደሚያውን ራሱ ይደርስበታል፤ ሻጩም መልስ ለመስጠት የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ዕቃው ደህና ሆኖ የዘገየው መላኪያው ከሆነስ?

ለይተህ ጻፈው። «ዕቃው መጥፎ ነው፣ ዘግይቶ መጣ» የሚል አስተያየት ሁለት የተለያዩ ሰዎችን ሥራ ያቀላቅላል። «ከተባለው ቀን ዘግይቶ ደረሰ፤ ሳጥኑ ተጨፍልቆ ነበር፤ ውስጡ ያለው ብርጭቆ ግን አልተሰነጠቀም» በለው። ኮከብ ስትሰጥም ለዕቃው ስጥ። የመላኪያው የራሱ ቦታ ካለ እዚያ ሙላ፤ ከሌለ ደግሞ በመጨረሻ አንድ መስመር ይበቃዋል።